«እጄ ላይ 12 ሺህ ብር ይግባልኝ» ሲባል ቀጣሪው ስንት ብር ደመወዝ መጻፍ አለበት?

አንድ ሁለገብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የሰብል ልማት ባለሙያ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ እንበል። ፈተናውን ያለፈው ወጣት ከሥራ አስኪያጁ ፊት ተቀመጠ። «ደመወዝ ስንት ይጠብቃሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «የቤት ኪራዩንና ቤተሰብ የምረዳበትን ሳሰላው፣ ሁሉም ተቆራርጦ እጄ ላይ 12 ሺህ ብር ቢገባልኝ እሠራለሁ» ሲል መለሰ። ሥራ አስኪያጁም ተስማማ፤ የቅጥር ደብዳቤው እንዲዘጋጅም ለሒሳብ ክፍሉ አስተላለፈ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የቅጥር ደብዳቤ የሚጻፈው ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ባለው ጥቅል ደመወዝ ሲሆን፣ ስምምነቱ የተደረሰው ግን ተቀንሶ በሚተርፈው ገንዘብ ላይ ነው። በየወሩ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ከጥቅሉ ተነሥቶ ወደ ተጣራው መውረድን በሚገባ ያውቀዋል። ከተጣራው ተነሥቶ ወደ ጥቅሉ መውጣት ግን ሌላ መንገድ ነው፤ ብዙዎችም የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነው።

በዩኒየኑ ሒሳብ ክፍል የተሠራው ስሌት ይህን ይመስላል። ሒሳብ ሠራተኛዋ 12 ሺህ ብርን ያዘች፤ በ12 ሺህ ብር ላይ የሚጣለውን ግብር አሰላች፤ 2,250 ብር ሆነ። የጡረታ መዋጮውን 7 በመቶ አሰላች፤ 840 ብር ሆነ። ሁለቱን በ12 ሺህ ላይ ደመረችና 15,090 ብር አገኘች። ደብዳቤው በዚህ አኃዝ ተጽፎ ተፈረመ። በወሩ መጨረሻ ባለሙያው ባንክ ሲሄድ ያገኘው 10,802 ብር ከ20 ሣንቲም ነበር፤ ከተስማማበት 1,197 ብር ከ80 ሣንቲም ይጎድላል። ዩኒየኑ አላታለለም፤ ሒሳብ ሠራተኛዋም የመደመርና የማባዛት ስሕተት አልሠራችም። ሆኖም በዓመት ከ14 ሺህ ብር በላይ የሚደርስ ልዩነት ተፈጥሯል፤ ባለሙያውም ቃሉ እንደታጠፈበት ይቆጥራል።

ስሕተቱ የቱ ጋ ነው? ግብሩ የተሰላው በተጣራው 12 ሺህ ላይ ነው፤ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ግን ግብር የሚጠይቀው በጥቅሉ ላይ ነው። ለግብርና ለጡረታ ተብሎ የተጨመረው 3,090 ብር ራሱ የደመወዝ አካል ስለሆነ፣ እርሱም ተራውን ግብርና ጡረታ ይቆረጥበታል። በዚያ ላይ ጭማሪው ደመወዙን ከአንድ የግብር እርከን ወደሚቀጥለው ከፍ አድርጎታል።

ትክክለኛውን መንገድ ለማየት በመጀመሪያ የግብር እርከኖቹን ማስታወስ ያስፈልጋል። የገቢ ግብር አዋጁን ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት፣ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ ወርኃዊ ደመወዝ ግብር አይከፈልበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል።

እዚህ ላይ በብዙ ሠራተኞች ዘንድ የሚሰማ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ደመወዙ ከ14 ሺህ ያለፈ ሰው በሙሉ ገቢው ላይ 35 በመቶ የሚከፍል የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም፤ «ጭማሪው እርከን አሳልፎ ጎዳኝ» የሚለው ቅሬታም ከዚሁ የመነጨ ነው። እውነቱ ግን ከፍተኛው ምጣኔ የሚያርፈው ከ14 ሺህ በላይ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው። ለስሌት እንዲቀል ሲባል ግን ሙሉው ደመወዝ በ35 በመቶ ይባዛና 2,050 ብር ይቀነሳል። ይህ 2,050 ብር ከሰማይ የወረደ አኃዝ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ 2,000 ብር ጭራሹን ግብር ስለሌለባቸው 700 ብር ይመለሳል፤ ቀጣዮቹ 2,000 ብር በ35 ፈንታ 15 በመቶ ስለሚከፈልባቸው 400 ብር ይመለሳል፤ ከዚያ በላይ ባሉት ሦስት እርከኖችም 450፣ 300 እና 200 ብር ይመለሳል። ድምሩ 2,050 ነው። በዚሁ መንገድ የ15 በመቶው እርከን ተቀናሽ 300፣ የ20 በመቶው 500፣ የ25 በመቶው 850፣ የ30 በመቶው 1,350 ብር ይሆናል።

በዚህ ላይ ከሠራተኛው መደበኛ ደመወዝ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል። በኢትዮጵያ አሠራር ግብሩ የሚሰላው ይህ 7 በመቶ ከመነሣቱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ተቆራጮች ከአንድ መነሻ ይነሣሉ። ይህ ነገር ለወደ ኋላ ስሌቱ በጎ ነው፤ ምጣኔዎቹን በቀጥታ መደመር ይቻላልና።

አሁን ወደ ባለሙያው እንመለስ። በከፍተኛው እርከን ላይ ያለ ደመወዝ 35 በመቶ ለግብር፣ 7 በመቶ ለጡረታ፣ በድምሩ 42 በመቶ ይቆረጥበታል፤ 58 በመቶው ይቀራል፤ በዚያ ላይ 2,050 ብሩ ይመለሳል። ስለዚህ የተጣራው ክፍያ የጥቅሉ 58 በመቶ ሲደመር 2,050 ብር ነው። ወደ ኋላ ለመሄድ ይህንኑ መገልበጥ ነው፦ ከሚፈለገው 12,000 ላይ በመጀመሪያ 2,050 ይቀነሳል፤ 9,950 ይቀራል፤ ይህ ለ0.58 ሲካፈል 17,155 ብር ከ17 ሣንቲም ይሆናል። ዩኒየኑ በደብዳቤው ላይ ማስፈር የነበረበት ይህንን ነው።

ማረጋገጫው እንደተለመደው ከላይ ወደ ታች መውረድ ነው። የ17,155.17 ብር 35 በመቶ 6,004.31 ነው፤ 2,050 ሲቀነስለት ግብሩ 3,954.31 ብር ይሆናል። ጡረታው 1,200.86 ብር ነው። ሁለቱ ሲነሡ በትክክል 12,000 ብር ይቀራል። ይህን ማረጋገጫ ሳይሠሩ ደብዳቤ ማስፈረም ዘር ሳይፈትሹ እንደመዝራት ነው፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ተገላቢጦሽ ስሌቱ የሚጠይቀው አንድ ጥንቃቄ ትክክለኛውን እርከን መምረጥ ነው። እርከኖቹ የተደነገጉት በጥቅል ደመወዝ ነው፤ በእጅ ያለው አኃዝ ግን የተጣራ ነው። 12 ሺህ ብር ሲታይ ከ10 ሺህ እስከ 14 ሺህ ባለው መደብ ውስጥ ያለ ይመስላል። በዚያ እርከን ምጣኔ ቢሰላ፣ ከ12,000 ላይ 1,350 ይቀነስና ለ0.63 ይካፈላል፤ ውጤቱ 16,904.76 ብር ይሆናል። በዚህ ደመወዝ የሚቀጠር ሰው የሚደርሰው 11,854.76 ብር ነው፤ 145 ብር ገደማ ይጎድለዋል። ስሕተቱ ግን ራሱን ያጋልጣል፦ የተገኘው ጥቅል ከ14 ሺህ በላይ ነው፤ የተሠራበት ምጣኔ ግን እስከ 14 ሺህ ብቻ የሚያገለግለው ነው። የተገኘው ጥቅል ከተመረጠው እርከን ውጭ ከወደቀ እርከኑ ተሳስቷል ማለት ነው።

እርከኖቹን በተጣራ ክፍያ መልሶ ማስቀመጥም ይቻላል። ግብርና ጡረታ ሲነሣላቸው 2,000 ብር ደመወዝ 1,860 ብር ይሆናል፤ 4,000 ብር 3,420፣ 7,000 ብር 5,610፣ 10,000 ብር 7,650፣ 14,000 ብር ደግሞ 10,170 ብር ይሆናል። ስለዚህ እጅ ላይ ከ10,170 ብር በላይ እንዲገባለት የሚፈልግ ሰው፣ ሳይወድ በግዱ በ35 በመቶው እርከን ውስጥ ነው።

በኮምፒዩተር ለሚሠሩ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ዘዴ አለ። ምጣኔዎቹ ወደ ላይ እያደጉ ስለሚሄዱ፣ በሁሉም እርከኖች ቢሰላ ትክክለኛው መልስ ሁልጊዜ ትልቁ አኃዝ ነው። በኤክሴል የሚፈለገው የተጣራ ክፍያ በA2 ሳጥን ከተጻፈ፣ በአጠገቡ ይህን ማስገባት በቂ ነው፦

```
=MAX(A2/0.93,(A2-300)/0.78,(A2-500)/0.73,(A2-850)/0.68,(A2-1350)/0.63,(A2-2050)/0.58)
```

ኮምፒዩተር በሌለበት የገጠር ማኅበር ጽሕፈት ቤትስ? ስልክ ላይ ባለ ማስሊያም ይሠራል። የመጀመሪያው ግምት ስሕተት ቢሆን እንኳ አይጣልም፤ ይታረማል። የዩኒየኑ ሒሳብ ሠራተኛ የጻፈችው 15,090 ብር በእጅ 10,802.20 ብር ያስገኛል፤ ጉድለቱ 1,197.80 ብር ነው። ይህን ጉድለት እንዳለ መደመር ሌላ ጉድለት ይፈጥራል፤ ከተጨማሪው ብር ሠራተኛው ጋ የሚደርሰው 58 ሣንቲም ብቻ ነውና። ጉድለቱ ለ0.58 ሲካፈል 2,065.17 ብር ይሆናል፤ በ15,090 ላይ ሲደመርም ያው 17,155.17 ብር ይመጣል። ግምቱና ትክክለኛው መልስ በአንድ እርከን ውስጥ እስካሉ ድረስ አንድ ጊዜ ማረም ይበቃል።

አኃዙን ማጠጋጋት የተለመደ ነው፤ ሣንቲም ያለበት ደመወዝ በደብዳቤ ላይ መጻፍ የሚወድ የለም። ወደ ታች ወደ 17,150 ከተጠጋጋ ባለሙያው 11,997 ብር ያገኛል፤ ወደ ላይ ወደ 17,200 ከተጠጋጋ ደግሞ 12,026 ብር ይደርሰዋል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ቃል የተገባው ከ12 ሺህ እንዳያንስ ከሆነ ወደ ላይ ማጠጋጋቱ ተገቢ ነው።

የቀጣሪው ወጪ ግን በዚህ አያበቃም። ቀጣሪው ከራሱ የደመወዙን 11 በመቶ ለጡረታ ፈንድ ያዋጣል፤ ይህም 1,887.07 ብር ነው። ስለዚህ 12 ሺህ ብር እጁ ላይ የሚገባ አንድ ባለሙያ ዩኒየኑን በየወሩ 19,042.24 ብር ያስወጣዋል። የዓመት በጀት ሲያዝ በ12 ሺህ፣ አልያም በ17 ሺህ የሚያስቡ ቦርዶች ዓመቱ ሳያልቅ የደመወዝ ርእሱ የሚያንሳቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ወጪውን ለመቀነስ አንዳንድ ቀጣሪዎች የሚመርጡት መንገድ መደበኛ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ቀሪውን በአበል መሙላት ነው። ግብር የሚከፈልበት የቤት አበል ጡረታ አይቆረጥበትም፤ ስለዚህ በከፍተኛው እርከን ከአንድ ብር አበል ሠራተኛው ጋ የሚደርሰው 65 ሣንቲም ነው። ለባለሙያው 3,000 ብር የቤት አበል ቢታሰብለት፣ ከአበሉ 1,950 ብር በእጁ ይገባል። ከ12,000 ላይ 2,050 እና 1,950 ሲነሣ 8,000 ይቀራል፤ ለ0.58 ሲካፈል መደበኛ ደመወዙ 13,793.10 ብር ይሆናል። ከአበሉ ጋር ጥቅሉ 16,793.10 ብር ነው፤ ከ14 ሺህ በላይ ስለሆነ የተመረጠው እርከን ትክክል ነው። ሠራተኛው በእጁ የሚያገኘው ያው 12 ሺህ ብር ነው።

ቀጣሪው አትርፏል፤ ሠራተኛውስ? መደበኛ ደመወዙ በ3,362 ብር ዝቅ ብሏል፤ በስሙ ወደ ጡረታ ፈንድ የሚገባው የሁለቱ ወገን መዋጮም በወር በ605 ብር ገደማ ቀንሷል። የትርፍ ሰዓት ክፍያና የሥራ ስንብት ክፍያ የሚታሰቡት በመደበኛ ደመወዙ ነው፤ የጡረታ አበልም እንዲሁ። ዛሬ በእጅ የሚገባው እኩል ስለሆነ ብቻ ሁለቱን ውሎች እኩል አድርጎ መፈረም፣ ለሠራተኛው የማይታይ ኪሳራ ነው። ከግብር ነፃ የሆኑ የመጓጓዣና የመሳሰሉት አበሎች ካሉ ደግሞ፣ በመመሪያ ከተፈቀደው ጣሪያ ያላለፈው ክፍል ከሚፈለገው የተጣራ ክፍያ ላይ አስቀድሞ ይቀነስና ስሌቱ በቀሪው ይሠራል።

ሌላው መደናገር የሚፈጠረው ቀጣሪው «ግብርህን እኔ እከፍልልሃለሁ» ሲል ነው። ይህ ንግግር ለጋስ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀጣሪው የሚከፍልለት ግብር ራሱ የሠራተኛው ገቢ ሆኖ ይቆጠራል፤ በእርሱም ላይ ግብር አለ። ስለዚህ በ12 ሺህ ላይ የሚታሰበውን 2,250 ብር ከፍሎ መገላገል አይቻልም፤ ከላይ ወደ ተገለጸው ስሌት መመለስ የግድ ነው።

የአጭር ጊዜ ቅጥር ሌላ ጉዳይ ነው። ለሰሊጥ አረም ወይም ለአጨዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚቀጠር የግል እርሻ ሠራተኛ፣ የቅጥር ጊዜው ከ45 ቀን በታች ከሆነ በጡረታ ዐቅዱ አይሸፈንም። ስለዚህ 7 በመቶው ከስሌቱ ይወጣል። በወሩ መጨረሻ 4,500 ብር ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ ለሚፈልግ ሠራተኛ፣ ከ4,500 ላይ 500 ይነሣና ለ0.80 ይካፈላል፤ 5,000 ብር ይሆናል። ግብሩ 500 ብር ነው፤ ሒሳቡ ይገጥማል። በዚህ ሠራተኛ ላይ 0.73ን የሚጠቀም የእርሻ ሒሳብ ሠራተኛ ያለ አግባብ ከፍ ያለ ጥቅል ያገኛል።

የቆየ ቀመር መጠቀምም ያው ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. በፊት ከፍተኛው እርከን የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ሲሆን፣ ተቀናሹም 1,500 ብር ነበር። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር ውስጥ ይህ ቀመር ሊኖር ይችላል። በእርሱ ከተሠራ ለ12 ሺህ ብር የሚያስፈልገው ጥቅል 18,103.45 ብር ሆኖ ይወጣል፤ ሠራተኛው ግን በአዲሱ አዋጅ 12,550 ብር ያገኛል። የ550 ብር ትርፍ በከፍተኛ ደመወዝ ላይ ከታየ፣ ቀመሩ አልታደሰም ማለት ነው።

ይህ ለውጥ ሌላም ነገር አሳይቷል። ከአዋጁ በፊት በእጅ 12 ሺህ ብር ሊያገኙ የተስማሙ ሁለት ሠራተኞች ቢኖሩ፣ የአንዱ ውል ጥቅሉን 18,103.45 ብር፣ የሌላው ውል የተጣራውን 12,000 ብር ብቻ ቢያሰፍር፣ በግብር ቅናሹ የተጠቀሙት አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። በመጀመሪያው ውል 550 ብሩ ለሠራተኛው ደረሰ። በሁለተኛው ውል ሠራተኛው ያው 12 ሺህ ብሩን ሲያገኝ፣ ቀጣሪው ጥቅሉን ወደ 17,155.17 ብር ዝቅ ማድረግ ቻለ፤ የጡረታ መዋጮው መነሻም አብሮ ወረደ። ግብሩ በተቃራኒው ቢጨምር ኖሮ ጫናው በቀጣሪው ላይ ባረፈ ነበር። ስለዚህ ድርድሩ በተጣራ ክፍያ ቢካሄድም፣ በውሉ ላይ መስፈር ያለበት ጥቅል ደመወዙ ነው።

ከዚህ ሁሉ ስሌት ውጭ መቆየት ያለባቸው ተቆራጮችም አሉ። የቁጠባና ብድር ተመላሽ፣ የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ፣ የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ክፍያና የመሳሰሉት ከሠራተኛው የግል ግዴታ የሚመነጩ ናቸው። ባለሙያው «ሁሉም ተቆራርጦ» ሲል እነዚህንም ማለቱ ከሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት በግልጽ ሊጠይቀው ይገባል። የ1,000 ብር የብድር ተመላሽ በጥቅሉ ውስጥ ይካተት ከተባለ፣ ቀጣሪው ለዚያ ብቻ 1,724 ብር ደመወዝ መጨመር ይኖርበታል፤ ብድሩ ሲያልቅም ደመወዙ አይወርድም።